ውኃው ሠላሳ አራተኛው ገጽ ላይ ነበር

ነገሩ የቦኖ ውኃ ነው። ዛሬ እንዲህ ከመጀመሪያው መስመር ላይ አውጥቼ የምናገረው፣ ዱሮ ሳልናገር ቀርቼ ስለ ተቀጣሁ ነው።

በሃምሳዎቹ መጨረሻ ነገሌ ላይ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። የስፌት መኪናዬን በአንድ ነጋዴ በረንዳ ላይ አቁሜ የወታደር ሱሪ አጠባለሁ፤ የመኮንን ኮት አሰፋለሁ። ወታደር አገሩን እስኪለምድ ይከሳል፣ መኮንን ሲሰነብት ይወፍራል፤ ስለዚህ ሥራ አጥቼ አላውቅም። ቤታችን ታች ሰፈር ነበር። ለሕዝቡ የተተከለው አንድ ቦኖ ደግሞ ከላይ፣ ከጦር ሰፈሩ በር አጠገብ። ባለቤቴ በቀን ሁለት ጊዜ ባዶውን እንስራ ይዛ ሽቅብ ትወጣለች፤ ሙሉውን አዝላ ቁልቁል ትወርዳለች። ሰው ሲሰማው ቀላል ይመስለዋል። ቁልቁለቱ ግን ቀይ አፈር ነው፤ ዝናብ ከነካው እንደ ሳሙና ነው። በዚያ ዓመት ሁለት እንስራ ተሰበረባት። ሁለተኛው በተሰበረ ዕለት ገሉን ሰብስባ በረንዳው ድረስ አመጣችና የስፌት መኪናዬ ላይ ዘረገፈችው።

«ይኸው፤ ስፋው» አለችኝ።

ገሉን አንድ በአንድ ለቀምኩ።

«ሦስተኛው የተሰበረ ቀን እኔን ክብረ መንግሥት አባቴ ቤት ፈልገኝ። እዚያ ውኃው ደጅ ነው።»

ባለቤቴ ስትቀልድ ቀድማ የምትስቀው እሷ ናት። ያን ቀን አልሳቀችም።

እንደ ዕድል ሆኖ በዚያው ሰሞን ወሬ መጣ። ሁለተኛ ቦኖ ሊተከል ነው፤ ቦታውን የሚመርጥ መሐንዲስ ከጠቅላይ ግዛቱ ይመጣል፤ የሚያመለክት ሰፈር ካለ ጽሑፉን ያዘጋጅ ተባለ። የታች ሰፈር ሰው ተሰበሰበና ጽሕፈቱን ለእኔ ሰጠኝ። እኔ እንግዲህ ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ሳልጨርስ የወጣሁ ሰው ነኝ። ግን የልክ መጻፊያ ደብተር ስለ ነበረኝ የተማርኩ ይመስላቸው ነበር። እኔም አላስተባበልኩም።

ጻፍኩ። አንድ ወር ሙሉ ጻፍኩ። ሠላሳ ስድስት ገጽ ሆነ።

እንዴት ያን ያህል ሆነ የሚል ሰው፣ የዚያን አገር ሰላምታ የማያውቅ ነው። ቦረናው ደንበኛዬ በረንዳዬ ሲደርስ «ሱሪዬ ደረሰ?» ብሎ አይጀምርም። «አካም? ናጋ?» ይላል። እኔም ናጋ፣ ሰላም ነው፣ እላለሁ። ከዚያ ሰዉ ደኅና ነው ወይ፣ «ሎን ናጋ?» ከብቱ ደኅና ነው ወይ፣ ሣሩስ፣ ዝናቡስ፣ የኤላው፣ የጉድጓዱ ውኃስ ይባላል። ጉዳዩ የሚነሣው ተነሥቶ አቧራውን ካራገፈ በኋላ ነው፤ «እንዲያው ለመሆኑ ያ ሱሪ…» ብሎ። እዚያ አገር ስኖር አሥራ አምስት ዓመት ሆኖኝ ነበርና ወጉ ገብቶብኛል። ጉዳይን አስቀድሞ መናገር ሳያንኳኩ ሰው ቤት እንደ መግባት ነበር የሚሰማኝ። ይልቁንም ለመሐንዲስ!

ስለዚህ ከሰላምታ ጀመርኩ። ቀጥዬ እንዴት ነገሌ እንደ መጣሁ፤ መጀመሪያ ቀን የተኛሁበት ቤት ጣሪያ እንዴት እንደሚያፈስ፤ ዝናቡ የጠፋበት ዓመት፤ ዝናቡ የበዛበት ዓመት፤ ዱሮ ውኃ ይጭንልን የነበረው አህያችን አንድ ቀን ጭነቱን እንደ ያዘ የተልተሌን መንገድ ይዞ መሄዱ። አህያው ላይ ሁለት ገጽ ተኩል ጽፌያለሁ። ከዚያ የሰፈሩ ሰዎች ጠባይ ተራ በተራ። መጨረሻ ላይ፣ አቧራዬን ካራገፍኩ በኋላ፣ ቦኖውን።

ለማን ላሳየው? ከሰሜን የመጣ ወጣት አማርኛ አስተማሪ ነበር፤ ኮቱን የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ትሑት፣ ንጹሕ፣ ለፊደል ሟች የሆነ ልጅ። በደረት ኪሱ ቀይ ቀለም ያለው ብዕር አይለየውም፤ ያን ኪስ ጠበቅ አድርጌ እንድሰፋለት ሦስት ጊዜ ነው ያሳሰበኝ።

«ጋሼ፣ ስሕተት ካለ አልፎት የሚሄድ ዓይን የለኝም» አለና ደብተሩን ወሰደ።

በአራተኛው ቀን መለሰልኝ። ደብተሬ ኩፍኝ ወጥቶበታል። ያልቀላ ገጽ የለም። እዚህ ይህ «ሀ» አይደለም፣ ያኛው ነው፤ እዚህ አራት ነጥብ ይጎድላል፤ እዚህ ግሡ ባለቤቱን ጥሎ ሄዷል። አንዱን እያነሣ፣ እየተነተነ፣ ሳይሰለች አስረዳኝ። የሰው ልጅ እንዲህ ሲደክምልህ ልብህ ይነካል። የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ እንደ ገና ገለበጥኩት።

ስገለብጥ ደግሞ አዲስ ስሕተት ሠራሁ። ሁለተኛው ንጹሕ ቅጂም ቀላ። ሦስተኛውም እንዲሁ። በየዙሩ መምህሩ «ጋሼ፣ በጣም ተሻሽሏል!» ይለኛል፤ እውነቱንም ነበር፤ ቀዩ ይቀንሳል። እኔም ቀዩ በቀነሰ ቁጥር ውኃው የቀረበ ይመስለኝ ነበር። ሚስቴ ግን እንስራዋን አዝላ ስታልፍ ታየኛለች።

«ዛሬስ ስንት ቀይ ቀረህ?»

«ትንሽ ነው።»

«ለእኔ ስንት ቁልቁለት ቀረኝ?»

መሐንዲሱ ሊመጣ ስድስት ቀን ሲቀረው ጨረስኩ። የቀረኝ ቴምብርና ፖስታ ብቻ ነው። እነዚህን የሚያዘጋጁልኝ፣ ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ግራር ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው የሚውሉ ሽማግሌ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበሩ። ቀድሞ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የኖሩ ሰው ናቸው። የጠረጴዛቸው አንዱ እግር ድንጋይ ነው። እሳቸውም እኔ የሰፋሁት ኮት አላቸው።

«ቴምብር ልለጥፍበት ነው፣ አባቴ።»

«ምን ላይ?» ደብተሩን አቀበልኳቸው። ውፍረቱን በሁለት ጣት ያዙት፤ «ኦሪት ነው እንዴ?» አሉ።

ከዚያ ብዕራቸውን ከጆሯቸው ላይ አንሥተው ኪሳቸው ከተቱና ሁለት እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡ። ገጹን እኔ እንድገልጥ አደረጉኝ።

«አባቴ፣ ብዕር አይዙም?»

«ብዕር ከያዝኩ ዓይኔ ከመስመሩ አይወጣም። መጀመሪያ አገሩን ልይ፤ ጠጠሩን ኋላ እለቅማለሁ።»

አነበቡ። ፀሐይዋ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ዞረች። እኔ ቆሜ እየገለጥኩ አውራ ጣቴ ደነዘዘ። አህያው ላይ ሲደርሱ በጣም ሳቁ፤ ደስ አለኝ። ሲጨርሱ ቀና አሉና፣

«ልጄ፣ ምን ፈልገህ ነው?» አሉኝ።

«ቦኖ ነዋ!»

«እሱን ነው የምጠይቅህ። የት ላይ ነው ያለው? መሐንዲስ ሆኜ ነው ያነበብኩልህ፤ የጠፋውን አህያ ፈልጉልኝ የምትል መስሎኝ ነበር።»

ተናድጄ ገልጬ ገልጬ አሳየሁ። ሠላሳ አራተኛው ገጽ ላይ፣ ከታች።

«አየህ፤ መሐንዲሱ እዚህ ሳይደርስ ጡረታ ይወጣል።»

ከዚያ ሦስት ነገር ብቻ ነገሩኝ፤ ከሦስት አላለፉም። አንደኛ፣ የምትለምነው ነገር ከላይ ይምጣ። ሁለተኛ፣ የጎደለህ አለ፤ የዛሬው ቦኖ ከእናንተ ስንት ይርቃል፣ ስንት ቤት አለ፣ አዲሱ የት ይተከል፣ ይህ አንዱም የለም፤ ሰውዬው «እሺ» ሊል ቢፈልግ እንኳ ምን ብሎ ይፈርዳል? ሦስተኛ፣ ለዚህ ልመና የማያገለግለው ይውጣ።

«ስንቱ ነው የሚወጣው?»

«ሠላሳ አራቱ።»

«መምህሩ እኮ ሦስት ጊዜ ነው ያረመው! ይህን ‹ሐ› እንኳ ትናንት ነው ያስተካከልነው፤ ይዩት» አልኩና አሳየሁ። ቆንጆ «ሐ» ነበር።

«መልካም ‹ሐ› ነው። የቆመው ግን የሚወጣ ገጽ ላይ ነው። የሚፈርስ ቤት ይለሰናል?» ኮታቸውን ያዝ አደረጉ። «ይህን ስትሰፋልኝ ቁልፉን ነው አስቀድመህ የተከልከው?»

«ኧረ መጀመሪያ ለካሁዎት።»

«ታዲያ?»

ደብተሬን ብብቴ ሥር አድርጌ ቴምብሩን ሳልገዛ ሄድኩ። በሽማግሌው ተቀይሜያለሁ። የገዛ ሥራዬን ጠቅሰው ስለ ነገሩኝ ይበልጥ ተቀየምኩ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ማንበብ አትችልም። ግን አንድም ቀን ያልጠየቀችኝን ያን ዕለት ጠየቀችኝ።

«ለመሆኑ ስለ እኔ ምን ይላል?»

«አለሽበት።»

«የት ጋ?»

«ሠላሳ አራተኛው ላይ።»

አሰበች። «እንስራ አዝዬ እስከ ሠላሳ አራት ልሂድ?»

በዚህ ጊዜ ቅያሜዬ ከሽማግሌው ላይ ተነሣ። ወዴት እንደ ሄደ አልናገርም።

በማግሥቱ ነገሩን ለመምህሩ ብነግረው ፊቱ እንደ ብዕሩ ሆነ። ኮቱን ለበሰና አብሮኝ ግራሩ ሥር መጣ። ሁለቱ ከዚያ በፊት አይነጋገሩም ነበር፤ መከባበሩ ግን አያድርስ ነው።

«አባቴ፣ እርስዎ ፊደልን ንቀዋል!» አለ መምህሩ።

«አልናቅሁም፣ መምህር። ተራው አልደረሰም ነው ያልኩት።»

«ስሕተት ስሕተት ነው፤ ተራ አይጠብቅም። ባየሁበት አርማለሁ።»

«ቤቱ ሲቃጠል የበሩን ማጠፊያ ዘይት ይቀባሉ?»

«ቤቱ መቃጠሉን ማን ያየ አለ?» አለ መምህሩ። ይህን ብሎ አፉን ያዘ።

ሽማግሌው ደብተሩን ገፋ አደረጉለት። «ብዕርዎን ለእኔ ይስጡኝና አንዴ ያንብቡት።»

ብዕሩን ለመስጠት ተቸገረ፤ ልጅ ከጡት እንደሚነጠል ነው። በመጨረሻ ሰጠ። ተቀምጦ ያነብ ጀመር። እጁ ግን በየመሐሉ ወደ ባዶ ኪሱ ይሄዳል፤ ሽማግሌው «ሀይ!» ይሉታል፤ ይመለሳል። ሲጨርስ ደብተሩን ከድኖ ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ይቅር ይበሉኝ። ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ።»

«ሦስት ጊዜ ነው፣ አዎ።»

«ማመልከቻ መሆኑን አላውቅም ነበር።»

«ምን መስሎህ ነው?»

«የሕይወት ታሪክዎ መስሎኝ!»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። መምህሩም ሳቀ። እኔ ለመሳቅ እስከ ሰኞ ድረስ ቆየሁ።

ጥፋቱ የእሱ ብቻ አልነበረም። ስሰጠው ለምን እንደ ጻፍኩት አልነገርኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። «ስሕተቴን እይልኝ» ነው ያልኩት፤ እሱም አየልኝ።

አምስት ቀን ቀርቶናል። ከሁሉ አስቀድሞ የጎደለውን ማምጣት ነበረብኝ። ቤት ሄጄ ባለቤቴን «እስከ ቦኖው ስንት እርምጃ ይሆናል?» አልኳት።

«እርምጃ ምን ያውቃል! ስንት ጊዜ እንደማርፍ ጠይቀኝ።»

ጠየቅኋት። አራት ጊዜ ነው። አብሬያት ወጣሁ፤ በስንት ዓመቴ! ማረፊያዎቹ ድንጋዮች ናቸው፤ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ያውቋቸዋል፤ እንስራ ሲሳብባቸው ኖሮ ጫፋቸው ለስልሷል። እኔ አላውቃቸውም ነበር። ሠላሳ ስድስት ገጽ ስጽፍ አንዱንም አላየሁ። በልብስ መለኪያ ክሬ ከድንጋይ እስከ ድንጋይ ለካሁ፤ ሰዉ «ለመንገዱ ሱሪ ሊሰፋለት ነው» እያለ ሳቀብኝ።

ሁለት ገጽ ሆነ። በመጀመሪያው መስመር ላይ፣ ከአንዲት አጭር ሰላምታ ቀጥሎ፣ ታች ሰፈር ቦኖ እንለምናለን ይላል። ከዚያ ርቀቱ፣ ቤቱ፣ አራቱ ድንጋይ፣ የተሰበረው እንስራ። አህያው ቀረ። አህያውን ሳወጣ ልቤ ደማ፤ መምህሩ ከሁሉ የወደደልኝ እሱን ነበር።

ሽማግሌው እጃቸውን ጋቢ ውስጥ አድርገው አነበቡና «አሁን ቤት ሆነ» አሉ። ከዚያ ዞር ብለው ያን ቀይ ብዕር በሁለት እጃቸው፣ እንደ ጉርሻ፣ ለመምህሩ ሰጡት። «መምህር፣ ተራዎ ደርሷል።»

መምህሩ እጅጌውን ሰበሰበ። አርባ ደቂቃ ያህል ሁለት ገጽ ላይ አጎነበሰ። ድንገት «እግዚኦ!» ብሎ ቆመ።

«ምነው?»

«ሁለተኛው ገጽ ላይ ‹አዲሱ ቦኖ በላይ ሰፈር ይተከልልን› ይላል!»

ስገለብጥ ስቼ ነው፤ ስለ ላዩ ቦኖ ስጽፍ እጄ ለምዶ። ሽማግሌውም እኔም አልፈነዋል። እንዲህ ሆኖ ቢሄድ ውኃው ከወታደሩ በር ወደ ወታደሩ በር ይፈስልን ነበር።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ይህ በጠጠር አምሳል የመጣ ቋጥኝ ነው። እኔ አላየሁትም፤ የእርስዎ ዓይን ነው ያየው» አሉት። መምህሩ ያን ቀን አንድ ክንድ አደገ። የቀረውንም ፊደል ሁሉ ለቀመ፤ እኔም አንድ ጊዜ ብቻ ገለበጥኩት። ቴምብሩ ተለጠፈ።

መሐንዲሱ በተባለው ቀን መጣ። ቦርጫም፣ ባለ ባርኔጣ፣ ጥድፊያ ያለበት ሰው ነው። በጽሕፈት ቤቱ ግቢ ቆሞ ማመልከቻ ይቀበላል፤ የሌሎቹን ሰፈሮች ወፋፍራም ወረቀት ለረዳቱ ያቀብላል። የእኛን ሁለት ገጽ እዚያው እንደ ቆመ አነበበው። ዓይኑን አየሁት፤ አልዘለለም።

«አራት ጊዜ የሚያርፉት እርስዎ ነዎት?»

«ባለቤቴ ናት፣ ጌታዬ።»

«ትምጣና ታሳየኝ።»

መጣች። ሦስተኛውን እንስራ ከላዩ ቦኖ ሞልታ አዘለች። እሷ ከፊት፣ መሐንዲሱ ባርኔጣውን ይዞ ከኋላ፣ መምህሩና ሽማግሌው ከዚያ ኋላ፣ ሰፈሩ ሁሉ ከሁሉ ኋላ። አንደኛው ድንጋይ ላይ አረፈች፤ መሐንዲሱ ጻፈ። ሁለተኛው ላይ አረፈች፤ መሐንዲሱ ግንባሩን ጠረገ። ዝናብ ጥሎ ነበርና መንገዱ ያንሸራትታል፤ እኔ ዓይኔ ከእንስራው አልተነሣም። ሦስተኛው ድንጋይ ጋ ስትደርስ መሐንዲሱ ቀድሟት ተቀመጠ።

ቆማ ጠበቀችው። «አረፍ ይበሉ፣ ጌታው» አለችው። «ገና አንድ አለን።»

ክረምቱ ከወጣ በኋላ ቦኖው ተተከለ፤ ግን እዚያው መሐንዲሱ የተቀመጠበት ድንጋይ አጠገብ። ቧንቧው ከዚያ አይዘልም አለ። ባለቤቴ «መሐንዲሱ አንዷን ድንጋይ ለማስታወሻ ተወልኝ» ትል ነበር። ክብረ መንግሥትን ግን ዳግመኛ አላነሣችም፤ ለፋሲካ ከመሄድ በቀር።

ሠላሳ ስድስቱ ገጽ፣ ሽማግሌው «አትጣለው፤ ቦታው እዚያ አልነበረም እንጂ መጥፎ አይደለም» ብለውኝ ሳጥን ውስጥ ነበር። አንድ ቀን መምህሩ ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ለመነኝና ወሰደው። ሲመልስልኝ እየፈራሁ ገለጥኩት። ከዳር እስከ ዳር አንዲት ቀይ ነጥብ የለችበትም። መጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ ብቻ፣ በተራ እርሳስ፣ እንዲህ ብሎ ጽፎ ነበር፦

«ጋሼ፣ አህያው ከዚያ በኋላ የት ደረሰ?»